ቅባት ሳይበሉ ትራይግሊሰራይድ ለምን ይጨምራል?

ጮማ የማይወድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስብ፣ ማለትም ትራይግሊሰራይዱ፣ ከፍ ሲል ግራ ይገባዋል። መጠጥ ካለ ግን አንዱ ምክንያት ጉበት ነው። ጉበት አልኮልን ለማስወገድ ሲጠመድ ስብ ማቃጠሉን ይቀንሳል፤ የተጠራቀመውንም ትራይግሊሰራይድ አድርጎ ወደ ደም ይለቃል።

አንድ ውጤት እንይ። ሰውየው ቅዳሜና እሁድ በደንብ ጠጥቶ ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዱ ደም ሰጠ። ትራይግሊሰራይድ 460 ሚሊግራም በዴሲሊትር (ከ150 በታች መሆን ነበረበት)፣ “ጥሩው” ኮሌስትሮል ኤችዲኤል 58፤ የ“መጥፎው” ኮሌስትሮል የኤልዲኤል ቦታ ግን ባዶ ነው። ላብራቶሪው አልረሳውም። ብዙ ቦታ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም፤ ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ተቀንሶ ይሰላል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይታመንም።

“ጥሩው” ኤችዲኤል 58 መሆኑም አያጽናና። አልኮል ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ልብን ጠበቀ ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጠጣቱን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር። ጥቂት ሳምንታት ሳይጠጣ ቆይቶ ይመርመር። ቁጥሩ በደንብ ከወረደ ዋናው ምክንያት መጠጡ ነበር ማለት ነው። ካልወረደ ስኳር፣ ታይሮይድና የቤተሰብ ታሪክ ይታያሉ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን በድንገት ማቆም አደጋ ስላለው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።