የጸደቀ ፈቃድን ማቋረጥ ምንድን ነው?

የዓመት ፈቃድ ተጠይቆ፣ ቅጹ ተፈርሞ፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ነገር ይለወጣል። ሠርግ ይተላለፋል፣ ጉዞ ይቀራል። ሰውየው ቤት ከምቀመጥ ሥራ ልግባ ይላል። ፈቃድ ማቋረጥ የሚባለው ይሄ ነው፤ የተፈቀደውን ጊዜ ሳይጨርሱ በስምምነት ወደ ሥራ መመለስና የቀሩትን ቀናት ለሌላ ጊዜ ማቆየት። ፈቃዱ ገና ሳይጀመር ከቀረ ደግሞ መሰረዝ ይባላል።

ዋናው ቃል "በስምምነት" የሚለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ እንዲተላለፍለት መጠየቅ ይችላል፤ የሚተላለፈው ግን አሠሪው ሲስማማ ነው። ብዙ ሰው ፈቃዱ የራሴ ስለሆነ ስፈልግ እመለሳለሁ ብሎ ያስባል። አሠሪው ግን በዚያ ፈቃድ መሠረት ተተኪ መድቦ፣ ፈረቃ አስተካክሎ ሊሆን ይችላል።

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል የምትሠራ ሴት እናስብ። አንድ ዓመት አገልግላለች፣ ስለዚህ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አላት። ፋብሪካው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል። ለወንድሟ ሠርግ ወላይታ ሶዶ ልትሄድ 12 ቀን አስፈቀደች፣ ማለትም ድፍን ሁለት ሳምንት። በመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ሠርጉ መተላለፉን ሰማች። በሚቀጥለው ሰኞ መመለስ ፈለገች።

መጀመሪያ ለቅርብ አለቃዋ ትደውላለች። ስልኩ የሚጠቅመው ተተኪው እንዲታሰብበት ነው እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ሐሙስ አጭር ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍል ታስገባለች፣ ለቅርብ አለቃዋም ግልባጭ ታደርጋለች። ደብዳቤው ይህን ያህል ይበቃዋል፦

"ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን 12 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ተፈቅዶልኝ በፈቃድ ላይ እገኛለሁ። በቤተሰብ ምክንያት ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ ለመመለስ ስለፈለግሁ፣ ያልተጠቀምኩባቸው 6 የሥራ ቀናት ወደ ቀሪ ፈቃዴ እንዲመለሱልኝ እጠይቃለሁ።"

ቀን ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ በእጇ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት "ገቢ" ብሎ ማህተም ያደርግላታል። ከዚያ መልስ ትጠብቃለች። መልሱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ "ተስማምተናል" የሚል መልእክትም ከባዶ እጅ ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምን? የዓመት ፈቃድ ደመወዝ ስለሚከፈልበት ነው። ሰኞ ገብታ ብትሠራ፣ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም በፈቃድ ላይ ብትሆን፣ የወሩ ደመወዟ አይለወጥም። በፔሮል ላይ ምንም ስህተት አይታይም። ስህተቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ሠርጉ ሲደርስ ነው። 10 ቀን አለኝ ብላ ስትጠይቅ "ያለሽ 4 ነው" ትባላለች። ሥራ ብትለቅም ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ የሚከፈለው በዚያው መዝገብ ተሰልቶ ነው። ስለዚህ ከተመለሰች በኋላ ቀሪ ፈቃዷ 10 ተብሎ መስተካከሉን ጠይቃ ማየት አለባት። የተላለፈ ፈቃድም ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም።

አንድ ነገር በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መመለሱን የፈለገው ማነው? አለቃዋ ደውሎ "ቆጠራ ገጥሞናል፣ ነይ" ቢላት ጉዳዩ ፈቃድ ማቋረጥ አይደለም፣ ከፈቃድ መጠራት ነው። አዋጁ ይህን የሚፈቅደው አስቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ ሲፈጠርና እሷ በሥራ ቦታዋ መገኘት ሲኖርባት ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚደረግ የታወቀ ቆጠራ ያልታሰበ ነው ለማለት ይከብዳል። በእርግጥ ከተጠራች፣ በጉዞ የሚጠፋው ጊዜ ሳይጨመር የቀረው ፈቃድ ይከፈላታል፤ በመጠራቷ ምክንያት ያወጣችው የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። እንግዲህ ተጠርታ መጥታ ሳለ "ለፎርማሊቲ ነው" ተብላ በራሴ ጥያቄ ተመለስኩ የሚል ደብዳቤ ብትፈርም ይህን መብት በገዛ እጇ ታዳክማለች። ተጠርታ ከሆነ ደብዳቤው "በስልክ በተደረገልኝ ጥሪ መሠረት" ብሎ መጀመር አለበት፤ የጠራትን ሰው የሥራ ድርሻና የተጠራችበትን ቀንም ይጥቀስ።

በፈቃድ ላይ እያሉ መታመምም ሌላ መንገድ አለው። ያኔ የሕመም ፈቃድ ድንጋጌዎች ይሠራሉ። የሐኪም ማስረጃ መያዝና ሳይዘገዩ ማሳወቅ እንጂ ፈቃዴ ይቋረጥልኝ ብሎ መለመን አያስፈልግም።

አሠሪው "ተተኪ ቀጥረናል፣ ጨርሺ" ቢልስ? ያኔ ሰኞ መግባት የለባትም። ፈቃዷን እስከ መጨረሻው ትወስዳለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር፣ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት የራሱን መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቅ።