«ቁጥጥሩ ይጠናከር» ብሎ ነገር፦ ስለ ኦዲት ግኝት አጻጻፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የአንድ የመንግሥት መስሪያ ቤት የውስጥ ኦዲት ረቂቅ ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

«የንብረት ክፍል ሠራተኞች በቸልተኝነት ሞዴል 19 ሳይቆርጡ ዕቃ ስለሚረከቡና ፋይናንስም ዝም ብሎ ስለሚከፍል መስሪያ ቤቱ ለከፍተኛ ብክነት ተዳርጓል፤ ስለሆነም የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓቱ ሊጠናከር ይገባል።»

ሞዴል 19 ዕቃ ሲረከቡ የሚቆረጥ የመረከቢያ ሰነድ ነው። መስሪያ ቤቱም ቁጥሮቹም ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን ግን ኦዲት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅለል ካደረግኩት አጭርና ግልጽ ይሆናል»

አጭር ይሆናል፣ ግልጽ ግን አይሆንም። እዚህ ውስጥ አራት ነገሮች ተጠቅልለዋል፦ የሆነው ነገር፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እና ምን ይደረግ የሚለው። ሲጠቀለሉ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ስንት ክፍያ ነው? በየትኛው ጊዜ? ስንት ብር? መልስ የለም። አንባቢው ግን «ቸልተኝነት» እና «ከፍተኛ ብክነት» የሚሉትን ስላየ ብዙ የተነገረው ይመስለዋል።

ግኝቱን እንደገና ስትጽፍ የድሮውን ዓረፍተ ነገር ለማቃናት አትታገል። ወደ ሥራ ወረቀትህ ተመለስና መጀመሪያ የሆነውን ብቻ ጻፍ፣ ከየትኛው መመሪያ ጋር እንዳነጻጸርከውም አብረህ አስቀምጥ። እንዲህ ይሆናል፦

«የመስሪያ ቤቱ የፋይናንስ ማንዋል የዕቃ ግዢ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሞዴል 19 እንዲያያዝ ያዝዛል። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ከተፈጸሙት 240 የዕቃ ግዢ ክፍያዎች መካከል 60ዎቹ ተመርጠው ታይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ፣ በድምሩ 1,260,000 ብር፣ ሞዴል 19 ሳይያያዝ ተከፍለዋል። በ9ኙ ሞዴል 19 የተቆረጠው ክፍያው ከተፈጸመ ከ6 እስከ 41 ቀናት በኋላ ነው። በ5ቱ ኦዲቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ አልቀረበም።»

«ስለሚረከቡ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚሆን ያስመስለው ነበር። አሁን 14ቱ ከ60 መሆናቸው ታወቀ፤ የመስሪያ ቤቱ ኃላፊም ሊከራከር ከፈለገ ፋይል አውጥቶ በቁጥር ይከራከራል። ደግሞም 60ዎቹ በምን መንገድ እንደተመረጡ ካልታወቀ በስተቀር ውጤቱን በ240ው ላይ ማባዛት የለም።

«መንስኤው ያው የሠራተኛው ቸልተኝነት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?»

ብዙ ኦዲተር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቸልተኝነት በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ማስረጃ ታቀርብበታለህ? በዚያ ላይ ቃሉ አንዴ ከተጻፈ የመውጫ ስብሰባው በሙሉ በእሱ ያልቃል። የግምጃ ቤት ኃላፊው ስሙን ሲከላከል 14ቱ ክፍያዎች ይረሳሉ።

ሌላው የተለመደ ነገር «መንስኤው የቁጥጥር ድክመት ነው» ማለት ነው። ይሄ ግኝቱን በሌላ ቃል መድገም ነው፣ ምንም አልጨመረም።

ቀላል መፈተኛ አለ፦ ነገ ሠራተኛው ቢቀየር ችግሩ ይወገዳል? ካልተወገደ መንስኤው ሰውየው አይደለም። በእኛ ምሳሌ ኦዲተሩ 14ቱን ፋይሎች አንድ በአንድ ሲያይ በ11ዱ አቅራቢው ዕቃውን ያራገፈው ዋናው ግምጃ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ጥገና ክፍል ነው። እዚያ ሞዴል 19 የሚቆርጥ ሠራተኛ አልተመደበም። ፋይናንስ ክፍል የሚጠቀምበት የክፍያ ማረጋገጫ ዝርዝር ደግሞ ደረሰኝና ውል ይጠይቃል፣ ሞዴል 19ን ግን አይጠይቅም። በቃ፣ መንስኤው ይሄው ነው፦

«ከ14ቱ ግዢዎች በ11ዱ ዕቃው የተራገፈው ሞዴል 19 የሚቆርጥ ሠራተኛ ባልተመደበበት ጥገና ክፍል ነው። የፋይናንስ የክፍያ ማረጋገጫ ዝርዝርም ሞዴል 19ን አያካትትም።»

የቀሩት 3ቱስ? መንስኤያቸው በማስረጃ ካልታወቀ «የ3ቱ መንስኤ አልተረጋገጠም» ብለህ ጻፍ። ክፍተቱን በግምት መሙላት ያኔ ይቀላል፣ በኋላ ግን መዘዙ ላንተው ነው።

«ስጋቱን ካላጋነንኩት ማን ይሰማኛል?»

«መስሪያ ቤቱ ለከፍተኛ ብክነት ተዳርጓል» ብክነት ደርሷል ማለት ነው። ደርሶ ከሆነ ስጋት መሆኑ ቀርቶ የሆነ ነገር ነው፣ ማስረጃውን ይዞ ከግኝቱ ጋር መቀመጥ አለበት። ስጋት ማለት ሁኔታው እንዲህ ከቀጠለ ሊደርስ የሚችለው ነው። ሁለቱን አትቀላቅል።

ሞዴል 19 ያልቀረበላቸውን 5 ግዢዎች በአካል ቆጠራ ብታይ የ3ቱ ዕቃ ጥገና ክፍል ውስጥ ተገኘ እንበል። የ2ቱ፣ በድምሩ 184,000 ብር የተከፈለበት፣ አልታየም። ይህ እውነታ ስለሆነ ወደ ላይ፣ ወደ ግኝቱ ይሄዳል። ግን «ጠፍቷል» አትበል፤ «በቆጠራ ወቅት ዕቃው አልታየም፣ የርክክብ ሰነድም አልቀረበም» በል። መለዋወጫ ከሆነ እኮ ተገጥሞ መኪና ላይ ሊሆን ይችላል። ስጋቱ ደግሞ እንዲህ ይጻፋል፦

«ርክክቡ ሳይረጋገጥ ክፍያ መፈጸሙ መስሪያ ቤቱ ላልቀረበ፣ ለጎደለ ወይም ከውሉ ውጭ ለሆነ ዕቃ እንዲከፍል ሊያደርግ ይችላል።»

«ከፍተኛ» የሚል ቃል የለበትም፣ ግን 1,260,000 ብርና 184,000 ብር ከላይ ስላሉ አንባቢው ክብደቱን ራሱ ይመዝነዋል። የስጋት ደረጃ መስጠት ካለብህም መስሪያ ቤቱ ባጸደቀው መለኪያ እንጂ በስሜት አይሰጥም።

«ማሻሻያ ሐሳቡ ሰፋ ብሎ ቢጻፍ አስተዳደሩ እንደሚመቸው ያደርገዋል»

አስተዳደሩ የሚመቸውን ያደርጋል፣ ልክ ነው። «ተጠናክሯል» የሚል አንድ ደብዳቤ ይጽፍልሃል። በቀጣዩ ዓመት ክትትል ስታደርግ ምኑ እንደተጠናከረ በምን ታያለህ?

ሐሳቡ ከመንስኤው ጋር መገጣጠም አለበት። መንስኤው ሁለት ከሆነ ለሁለቱም መልስ ይኑር፣ ከዚያ ውጭ ያለፈው የሚታረምበት ደግሞ ለብቻው ይምጣ፦

«የንብረት አስተዳደር ዳይሬክቶሬት በጥገና ክፍል ሞዴል 19 የሚቆርጥ ሠራተኛ ቢመድብ ወይም ርክክቡ በዋናው ግምጃ ቤት ብቻ እንዲሆን ቢያደርግ፤ የፋይናንስ ዳይሬክቶሬት ሞዴል 19ን በክፍያ ማረጋገጫ ዝርዝሩ ውስጥ ቢያስገባ፤ ሁለቱ ዳይሬክቶሬቶች በቆጠራ ያልታዩትን የ2 ግዢዎች ዕቃዎች አጣርተው ውጤቱን በጽሑፍ ቢያሳውቁ።»

«ሠራተኞቹ ሥልጠና ይሰጣቸው» የሚል የለም። ሰዎቹ ሞዴል 19 ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ እንዲቆርጥ የተመደበ ሰው ነው ያልነበረው። እንዲሁ በልማድ የሚገባ ሐሳብ ነው፣ ገንዘብም ያስወጣል። ቀነ ገደቡን ግን ራሱ ኃላፊው በምላሹ ቢያስቀምጠው ይሻላል። አንተ ከሰጠኸው «ኦዲተሩ ያወጣው ቀን ነው» ይባላል፣ ሥራውን ማስተዳደርም ያንተ ድርሻ አይደለም።

«ገለልተኛ ጽሑፍ ማለት ጥፋትን ማለዘብ ነው»

የመጀመሪያውን ረቂቅ እና አዲሱን ጎን ለጎን አንብባቸው። ለኃላፊው የሚከብደው የትኛው ነው? «ቸልተኝነት» የሚለውን «ስም ማጥፋት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ክፍያው ከተፈጸመ 41 ቀን ቆይቶ የተቆረጠ ሞዴል 19ን ግን እንዴት አድርጎ ያልፈዋል? የማጭበርበር ምልክት ካየህ ደግሞ፣ ለምሳሌ ሞዴል 19ኙ ወደ ኋላ ቀን ተጽፎበት ከሆነ፣ በዚህ ግኝት ውስጥ በአሽሙር አትሸጉጠው። በተፈቀደው መንገድ ለብቻው ለሚመለከተው አካል ይቀርባል።