የወር አበባ ዑደት በማይክሮስኮፕ ሲታይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንቁላል የሚወጣው በ14ኛው ቀን ነው፤ የስላይዱንም ቀን ከዚያ ተነስተን እንቆጥራለን።»

ሐረር ውስጥ ሂስቶሎጂ፣ ማለትም የሰውነት ክፍሎችን በማይክሮስኮፕ የሚያጠና ትምህርት፣ በማስተምርበት ቤተ ሙከራ አጥብቄ የምሟገተው ከዚህ አባባል ጋር ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። ከሴት ሴት በብዛት የሚለያየው እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከወጣ በኋላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 14 ቀን ይጠጋል።

ከድሬዳዋ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ናሙና መጣ እንበል። የሴትዮዋ ዑደት 35 ቀን ነው፤ ናሙናው የተወሰደው ደም በጀመራት በ23ኛው ቀን ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ፈሳሽ አመንጪ ዕጢዎች ሕዋሳት ኒውክለስ ከፍ ብሎ በአንድ መስመር ተሰልፏል፤ ከእያንዳንዱም ሥር ነጭ ክፍተት አለ። እዚያ የነበረው ግላይኮጅን የተባለ የተከማቸ ስኳር ስላይዱ ሲዘጋጅ ታጥቦ ስለሄደ ነው ባዶ የሚመስለው። ይህ ምልክት ጎልቶ የሚታየው እንቁላል ከወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ገደማ ነው።

ቀኑን በ28 የለካ ተማሪ ዕጢዎቹ ተጠማዝዘው፣ ውስጣቸው በፈሳሽ ተሞልቶ ይጠብቃልና «ማህፀኗ ዘግይቷል» ብሎ ይጽፋል። ከ35 ላይ 14 ሲቀነስ ግን 21 ነው። እንቁላሉ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ማህፀኗ ምንም አልዘገየም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ክፍተቱ እዚህም እዚያም በጥቂት ዕጢዎች ብቻ ሲታይ ነው፤ እንዲህ ያለው እንቁላል ሳይወጣም ሊከሰት ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም።

«ፎሊክል በየወሩ ከባዶ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ይበስላል።»

ፎሊክል በኦቫሪ ውስጥ፣ ማለትም እንቁላል በሚገኝበት አካል፣ እያንዳንዱን እንቁላል የያዘ ትንሽ ከረጢት ነው። በአንድ ዝርግ የሕዋስ ድርብ ብቻ የተከበበው፣ ጥንታዊ የሚባለው ፎሊክል ለመብሰል ብዙ ወራት ይፈጅበታል። በመጀመሪያ ዝርግ ሕዋሳቱ ኩብ መሰል ይሆናሉ፤ ቀጥሎ ድርብርብ ይሠራሉ፤ በመጨረሻም በመካከላቸው ፈሳሽ የያዘ ክፍተት ይፈጠራል። ዑደቱ ሲጀምር የሚታጩት ይህን ክፍተት አስቀድመው የያዙና ጥቂት ሚሊሜትር የደረሱ ናቸው። ከእነርሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ወደ 20 ሚሊሜትር ገደማ አድጎ እንቁላሉን ይለቃል፤ ሌሎቹ ይከስማሉ። በአንድ የኦቫሪ ስላይድ ላይ ትንሹም ትልቁም የከሰመውም ጎን ለጎን የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

«ደም ሲመጣ የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ሙሉ በሙሉ ይላጣል።»

የሚረግፈው የላይኛው ንብርብር ነው። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ይህን ንብርብር የሚመግቡት ጥምዝምዝ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ደም ያጣው ክፍልም ይሞታል። ከጡንቻው ጋር የተጣበቀው የታችኛው ንብርብር የራሱ አጫጭር፣ ቀጥ ያሉ ደም ሥሮች ስላሉት ይተርፋል። እዚያ ከቀሩት የዕጢ ጫፎች የሚነሱ ሕዋሳት ደሙ ገና ሳይቆም የተላጠውን ገጽ መሸፈን ይጀምራሉ። በጥልቅ የማህፀን ጠረጋ ይህ የታችኛው ንብርብር ከተጎዳ ግን ሽፋኑ የሚያንሰራራበት መሠረት ያጣል፤ በቦታው ጠባሳ ሊፈጠርና የማህፀን ግድግዳዎች እርስ በርስ ሊጣበቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ኦቫሪዋ በየወሩ እንቁላል እያወጣም ሴትዮዋ የወር አበባዋ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል።