የጋና የአንድ ፓርቲ ዓመታት እና የ1966ቱ መፈንቅለ መንግሥት

ጋና ከብሪታንያ ነፃ የወጣችው ማርች 6 ቀን 1957 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሪዋ ኩዋሜ ንክሩማህ ሐውልታቸው አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ስለቆመ ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ፓርቲያቸው የኮንቬንሽን ሕዝባዊ ፓርቲ ከነፃነቱ በፊት በተደረገው ምርጫ ከ104 መቀመጫዎች 71ዱን ወስዷል። ታዲያ ሕዝብ የመረጠው ፓርቲ ተቃዋሚን ለምን ፈራ?

መልሱን ከኮኮዋ እንጀምር። ገበሬው ምርቱን የሚሸጠው ለመንግሥት የግብይት ቦርድ ነበር። ቦርዱ በተቆረጠ ዋጋ ይገዛል፣ በዓለም ገበያ ይሸጣል፣ ልዩነቱ ለመንግሥት ይቀራል። በ1954 የዓለም ዋጋ ጣሪያ ሲነካ፣ መንግሥት ለገበሬው የሚከፈለውን በአንድ ጭነት፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ፣ 72 ሺሊንግ ላይ አቆመው። ትርፉ ለልማት ይውላል ተባለ። ኮኮዋ አምራቹ የአሻንቲ ክልል ግን በላቡ ሌላው ሲለማ ታየው። በዚያው ዓመት በክልሉ ዋና ከተማ በኩማሲ የብሔራዊ ነፃነት ንቅናቄ ተመሠረተና ፌዴራል ሥርዓት ጠየቀ። ግጭት ተነሳ፣ ቤቶች በቦምብ ተመቱ። ንክሩማህ አገሬ ትበታተናለች ብለው መስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አልነበረም።

ችግሩ ለስጋቱ የተመረጠው መድኃኒት ነው። በ1957 መጨረሻ በብሔር፣ በአካባቢ ወይም በሃይማኖት የተደራጁ ፓርቲዎች በሕግ ታገዱ። ተቃዋሚዎቹ በኮፊ ቡሲያ መሪነት አንድ ፓርቲ ሆኑ። በ1958 ደግሞ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ለነፃነት ቀድሞ የታገለው ጠበቃ ጄ. ቢ. ዳንኳ በዚሁ ሕግ ታስሮ በ1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ አረፈ። ይህ ሞት እስከ ዛሬ ለብዙ ጋናውያን የማይሽር ቁስል ነው።

ፍርድ ቤቱም አልተረፈም። በ1962 ኩሉንጉጉ በተባለ የሰሜን መንደር በንክሩማህ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከተከሰሱት መካከል ሁለት ሚኒስትሮችና የፓርቲው ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩበት። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1963 ሦስቱን በነፃ ሲለቅ፣ ንክሩማህ ዋናውን ዳኛ ከሥልጣን አነሱ። በቀጣዩ ወር ጋና የአንድ ፓርቲ አገር ትሁን ወይ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ይፋዊው ውጤት ከ99 በመቶ በላይ “አዎ” ነው። ትናንት ፌዴሬሽን ብሎ የተነሳው አሻንቲ ውስጥ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልተመዘገበም። ሐሰቱን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በ1965ቱ ምርጫ ደግሞ ድምፅ መስጠትም ቀረ፤ የፓርቲው 198 ዕጩዎች ያለ ተወዳዳሪ እንዳሸነፉ ታወጀ።

በዚህ መሃል ኢኮኖሚው ተንኮታኮተ። የኮኮዋ ምርት ጨመረ፣ ዋጋው ግን በ1965 ክፉኛ ወረደ። በነፃነት ጊዜ የነበረው የውጭ ምንዛሪ ክምችት አለቀ፣ ዕቃ ከገበያ ጠፋ። ቅሬታው ጦሩ ውስጥም ገባ። ንክሩማህ ከመደበኛው ሠራዊት የተለየ የራሳቸው ክብር ዘብ ክፍለ ጦር አቋቁመው ነበር፤ ጥሩ መሣሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው። መደበኛው ወታደር በአንጻሩ የደንብ ልብስና ጫማ ሳይቀር አጥሮት ነበር። በ1965 የጦሩ ሁለት ከፍተኛ ጄኔራሎች ሲሰናበቱ መኮንኖቹ ነገ በእኛም ይደርሳል አሉ።

ፌብሯሪ 24 ቀን 1966 ንክሩማህ ወደ ሃኖይ ለመሄድ ቤጂንግ ሳሉ፣ ኮሎኔል ኮቶካ፣ ሻለቃ አፍሪፋና የፖሊስ አዛዡ ሃርሊ መንግሥቱን ገለበጡ። ቤተ መንግሥቱን የጠበቀው ዘብ ለሰዓታት ተዋጋ። ኮቶካ ማለዳ በሬዲዮ ፓርቲው መበተኑን አወጁ።

ሚሊዮኖች አባላት አሉኝ የሚለው ፓርቲ የት ሄደ? ለመከላከል የወጣ የለም። አክራ ጎዳና ላይ የወጣው ሕዝብ የንክሩማህን ሐውልት ጣለ። የሠራተኛ ማኅበራት ድሮ የፓርቲው ክንድ ነበሩ። መንግሥት ግን በ1961 የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡር ሠራተኞችን አድማ በእስር ከሰበረ በኋላ፣ ማኅበሩ ሠራተኛውን ሳይሆን ፓርቲውን ነበር የሚወክለው። ፍርድ ቤቱ፣ ፓርላማውና ማኅበራቱ የየራሳቸው አቅም ቢኖራቸው ኖሮ፣ ለሕጋዊው መንግሥት ቆሞ መኮንኖቹን ተዉ የሚል አካል ይገኝ ነበር። ሁሉም ወደ አንድ ሰው ስለተጠቀለሉ፣ መኮንኖቹ ያን አንድ ሰው ማንሳት ብቻ በቃቸው።

መንገዱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለመዝጋት ከባድ ሆነ። ኮቶካ ራሳቸው በ1967 በከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ተገደሉ። በ1969 የተመረጠው የቡሲያ መንግሥት በ1972 በወታደሮች ወደቀ። በ1978፣ በ1979 እና በ1981 መጨረሻም ሥልጣን በወታደር እጅ ተቀያየረ። ከዚያ ተሞክሮ የተጻፈው የ1992 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ላይ ፓርላማው የአንድ ፓርቲ አገር የሚያቋቁም ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንደሌለው ደነገገ። ሕገ መንግሥቱን በኃይል መገልበጥም የአገር ክህደት ነው ይላል።