«ፊት የሚያወጣ» ሹሩባ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ጠበቅ አድርጊና ወደ ላይ ሰብስቢው፤ ፊትሽን ያወጣዋል።» በሰርግ ሰሞን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጸጉር ቤት የተቀመጠች ሴት ይህን ሳትሰማ አትነሳም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ነገሩን አባብሶ «የሹሩባ ጥበቡ ቆዳን ወጥሮ ጉንጭን ማንሳቱ ነው» አለ። ይህ ስህተት ነው፤ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ የግንባር ጸጉር ነው።

ፊት ማውጣት ከመወጠር ጋር ግንኙነት የለውም። የሚያይ ሰው ዓይን ፊት ላይ የት እንዲያርፍ መምራት ማለት ነው። ይህን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የጸጉሩ ከፍታ የት እንዳለ፣ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጠርዙ የት ላይ እንደሚያልቅ።

ጎጆ ቤትን አስቡ። ግድግዳው አንዴ ከቆመ ቁመቱ አይለወጥም። ክዳኑ ሾጠጥ ብሎ ከወጣ ግን ቤቱ ረዥም ይመስላል፤ ጠፍጠፍ ብሎ ታዛው ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ያው ግድግዳ ያጥርና ቤቱ የሰፋ ይመስላል። ክዳን ሠሪው ግድግዳውን አልነካም። ፊት ግድግዳው ነው፣ ሹሩባውና ሻሹ ክዳኑ፣ ግንባር ላይ የሚያርፈው የሻሽ ጠርዝ ደግሞ የታዛው ጫፍ። ግድግዳ ለማስረዘም ብሎ ክዳኑን በገመድ ወደ ላይ የሚጎትት ሠሪ የለም፤ ቢጎትት የሚላቀቀው ማሰሪያው ነው። ሹሩባ ሲወጠርም የሚላቀቀው የጸጉሩ ሥር ነው።

ሁለተኛው የሚያናድድ ነገር «ክብ ፊት» የሚለው ቃል ነው። ጉንጯ ሞላ ያለች ሁሉ ክብ ፊት ትባላለች፤ ከዚያ ያው አንድ ምክር ይሰጣታል። ከስሙ በፊት ልኩ ይቅደም። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ ራስን ሳያንቀሳቅሱ በሳሙና ስባሪ አራት ነገር ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ የጸጉር መነሻና የአገጭ ጫፍ፣ የግንባር ስፋት፣ የሁለቱ ጉንጭ አጥንቶች ዳር፣ ከጆሮ በታች የመንጋጋው ሁለት ማዕዘን። መስታወቱ ላይ የሚገኘው ልክ የእውነተኛው ፊት ግማሽ ነው፤ የምንፈልገው ንጽጽሩን ስለሆነ ምንም አያበላሽም። በክር ፊት ላይ መለካት ግን ያሳስታል፤ ክሩ የጉንጩን ጉብታ ተከትሎ ስለሚሄድ ስፋቱን ያበዛዋል።

አንዲት ሙሽራ እንውሰድ። መስታወቱ ላይ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ጉንጭ አጥንቱ 6.5፣ መንጋጋው 6.3፣ ግንባሩ 5.6 ሆነ። ክብ ፊት አላት ይሏታል፤ ክብ ግን አይደለም። በክብ ፊት ቁመትና ስፋት ይቀራረባሉ። የእርሷ ቁመት ከስፋቱ በደንብ ይበልጣል፤ ሞልቶ የታየው መንጋጋዋ ነው፤ ከጉንጭ አጥንቷ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ጸጉሯን አናቷ ላይ ከቆለሉት ረዥሙ ፊት ይበልጥ ይረዝማል፣ ጎንና ጎኑም ባዶ ስለሚቀር ዓይን በቀጥታ መንጋጋው ላይ ይወርዳል።

ለእርሷ የሚሆነው የጸጉር ጥቅል ቦታ የሚገኘው እንዲህ ነው። ጣትን አገጭ ላይ አድርጎ በጉንጭ አጥንት፣ ከዚያም በጆሮው አናት በኩል ወደ ኋላ መሳብ፤ መስመሩ የራስ ቅሉን ከኋላ የሚያገኝበት ቦታ የጥቅሉ መሃል ነው። እዚያ ሲቀመጥ ዓይን ያንኑ መስመር ተከትሎ ጉንጭ አጥንቱን ያገኛል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ፊት ይረዝማል፤ ማጅራት ላይ ሲወርድ ደግሞ መንጋጋው ይጎላል።

ሹሩባው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከሄደ ጠባቡን ግንባር የበለጠ ያሳብቅባታል። ስለዚህ መክፈያው ከአንዱ ቅንድብ ውጫዊ ጫፍ በላይ ይጀምርና ሹሩባዎቹ በሰያፍ ወደ ጥቅሉ ይሂዱ። ከዓይን ጥግ እስከ ጆሮ ባለው ቦታ ላይ ያሉት ሁለቱ ሹሩባዎች ወፈር ብለው ላላ ይበሉ፤ የጎደለውን የላይ ስፋት የሚሞሉት እነርሱ ናቸው። የሚንጠለጠል ጫፍ ካለ መንጋጋው ላይ አይለቅ። ጫፉ ያለቀበት ቦታ ሁሉ እንደተሰመረ መስመር ነው፤ ወይ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ወይ ከትከሻ አጥንት በታች ይውረድ።

ሻሽ ከሆነ ጠርዙ ከጸጉር መነሻው ጀምሮ ወደ ግንባሩ ግማሽ ጣት ያህል ቢገባ ለእርሷ ይስማማል፤ ታዛው ወረድ አለ ማለት ነው። ቋጠሮው ከአንዱ ጆሮ በላይ ጎን ላይ ይሁን፤ አገጭ ሥር መቋጠር መንጋጋውን በገመድ እንደማስመር ነው። ሂጃብ የምታደርግ ከሆነም እንዲሁ፤ ጨርቁ መንጋጋው ላይ ተጣብቆ ከተወጠረ ማዕዘኑ ይወጣል፣ መርፌ ቁልፉ ወደ ጎን ሄዶ እጥፋቱ ማዕዘኑ ላይ ላላ ብሎ ከወደቀ ግን ይለሰልሳል። ፊቷ አጭርና ሰፊ ለሆነች ሴት ነገሩ ይገለበጣል፤ ግንባር ይከፈት፣ ከፍታው አናት ላይ ይሁን፣ ጎኑ ይቅለል። ያ ሁሉም የሚደጋግመው «ወደ ላይ ሰብስቢው» የሚል ምክር የሚሠራው ለእርሷ ብቻ ነው።

ስለ መወጠር ሳይጠየቅም መናገር ግድ ነው። ሹሩባ በተሠራበት ቀን ቅንድብና ዓይን ከፍ ያሉ የሚመስሉት ቆዳው ስለተሳበ ነው፤ ቆዳው በቀናት ውስጥ ይመለሳል፣ ጉተታው ግን ሥሩ ላይ ይቆያል። ቅንድብ ሲያነሱ የሚያም ከሆነ፣ በጸጉሩ መነሻ ዙሪያ ፍንጣቂ የሚያህሉ ነጫጭ ብጉሮች ከወጡ፣ ለመተኛት የራስ ምታት ክኒን ካስፈለገ፣ ሹሩባው በዚያው ዕለት ይፈታ። በጊዜ ሲፈታ ጸጉሩ ይመለሳል። እየደጋገመ ሲሳብ ኖሮ ቆዳው ልሙጥና አብረቅራቂ ከሆነ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኗል፤ ቅቤም ሆነ ዘይት አይመልሰውም። የመጀመሪያው ሹሩባ ከጸጉሩ መነሻ ግማሽ ጣት ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይጀምር፣ ለጋው ጸጉር ውጭ ይቅር። እርጥብ ጸጉርም አይሠራ፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና ልክ የነበረው ይጠብቃል።

ቅቤ የተቀባ ጸጉር ላይ ሐር መሰል ሻሽ አይቆምም። በደሴ ብርድ ረግቶ የዋለ ቅቤ ባቲ ሲወርዱ ይቀልጥና ጠርዙ ቀስ እያለ ወደ ቅንድብ ይንሸራተታል፤ ጠዋት የተለካው ታዛ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ቤት ይሆናል። ከሥር አራት ጣት ስፋት ያለው የጥጥ ጨርቅ ቢታሰር ይይዘዋል።

ተሠርቶ ሲያልቅ ውጤቱን በስልክ ፎቶ መፈተሽ ይቻላል፤ ክንድ ዘርግቶ በሚነሳ ፎቶ ግን አይደለም። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን ያተልቃል፣ መንጋጋንና የጎኑን ጸጉር ያሳንሳል። ሌላ ሰው ከሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ስልኩን በዓይን ትክክል ይዞ ያንሳው። ሰርጉ ላይ ሰው የሚያየው ከዚያ ርቀት ነው።