ዕቃው ደሴ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ ጋ ገብታችሁ ኩሽኔታ ብትጠይቁ ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንስቶ ያቀርብላችኋል። ዋጋ ይነግራችኋል፣ ትከራከራላችሁ፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ዕቃው የእሱ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜም የእሱ ነው። አንዳንዴ ግን ያ ኩሽኔታ ገንዘቡን እስክትከፍሉ ድረስ የአዲስ አበባ አስመጪ ንብረት ነው። ባለሱቁ አልገዛውም። ተረክቦ አስቀመጠው እንጂ።

ነጋዴው ይህን አሠራር «ሸጠህ ክፈለኝ» ይለዋል። በአደራ ማስቀመጥ የሚሉትም አሉ። በውልና በሒሳብ ወረቀት ላይ ኮንሳይመንት ተብሎ ይጻፋል። ከዱቤ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በዱቤ የወሰደ ሰው ገዝቷል። ዕቃው ተሸጠም አልተሸጠ ቀኑ ሲደርስ ዕዳውን ይከፍላል። በአደራ የያዘ ሰው ግን የሚከፍለው ለሸጠው ብቻ ነው። ያልተሸጠውን ይመልሳል። ስለዚህ ገበያ ቢቀዘቅዝ ገንዘቡ የሚታሰረው የአስመጪው ነው።

አንድ ሒሳብ እንይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አስመጪው 6205 የሚባለውን ኩሽኔታ 60 ፍሬ ደሴ ላከ። 6205 ውስጡ 25፣ ውጩ 52 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በየሞተሩና በየፓምፑ የሚገባ የተለመደ ቁጥር ነው። ዋጋው በፍሬ 650 ብር ይሁን። በወሩ አጋማሽ 20 ፍሬ ተጨመረ። በወሩ መጨረሻ ባለሱቁ «45 ሸጥኩ» አለና ገንዘቡን አስገባ። እንግዲህ 60 ሲደመር 20፣ ሲቀነስ 45፣ መደርደሪያው ላይ 35 ሊኖር ይገባል። የአስመጪው ሰው መጥቶ ሲቆጥር 31 አገኘ። ጉድለቱ አራት ፍሬ፣ 2,600 ብር ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚጀመረው። አራቱ ተሰርቀው ይሆን? ተሸጠው ሳይነገር ቀርቶ ይሆን? ወይስ ከ6204 ጋር ተቀላቅለው ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል? ጥሩ ቆጣሪ ለመፍረድ አይቸኩልም። መጀመሪያ የጎረቤት ቁጥሮችንም ይቆጥራል። 6205 ላይ አራት ጎድሎ 6204 ላይ አራት ከተረፈ ነገሩ የአደራደር ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ ካርቶኑን ይከፍታል። ካርቶን ቆጥሮ የሚሄድ ቆጣሪ የሚቆጥረው ወረቀት ነው። ባዶ ካርቶን መደርደሪያ ላይ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም አይመስልም። ሦስተኛው ደግሞ የከፋ ነው፦ ካርቶኑ ዋናው፣ ውስጡ ያለው ግን ርካሽ ኮፒ። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አስመጪ ከመላኩ በፊት ኩሽኔታው ላይ የራሱን ትንሽ ምልክት የሚያደርገው፣ ሲቆጠርም ምልክቱን የሚፈልገው።

ጉድለቱ ከተረጋገጠ ማን ይከፍላል? በደንብ የተጻፈ ውል መልሱን አስቀድሞ ይሰጣል። ዕቃው በባለሱቁ ቁልፍ ሥር ስላለ ጉድለትና ስርቆት የእሱ ነው። እንደተሸጠ ይቆጠራል። ባለቤትነቱ የአስመጪው ሆኖ ሳለ አንዱ የአደጋ ዓይነት ወደ ባለሱቁ ዞረ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። «ዕቃው የማን ነው?» እና «ቢጠፋ የማን ኪሳራ ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ውሉ ለሁለቱም ለየብቻ መልስ ካልሰጠ ነገ ፍርድ ቤት ይሰጣቸዋል።

የዋጋ ነገር ደግሞ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያኔ በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ጥያቄ አስነሳ። ባለሱቁ የሚከፍለው ዕቃውን በተረከበበት ቀን ዋጋ ነው ወይስ በሸጠበት ቀን? ባለቤቱ አስመጪው እስከሆነ ድረስ ጭማሪው የእሱ ቢሆን ተገቢ ይመስለኛል፤ ቢረክስም ጉዳቱ የእሱ ነበርና። ግን ውሉ የሸጠበት ቀን የሚል ከሆነ ሌላ በር ይከፈታል። ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ባለሱቁ ያልሸጠውን «ባለፈው ሳምንት ሸጫለሁ» ብሎ በድሮው ዋጋ ይዘጋል። ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ተረጋግቶ ይሸጣል። ይህን ማወቅ አይከብድም። በሳምንት አሥር የሚሸጥ ሱቅ ዋጋ ከመጨመሩ ሁለት ቀን በፊት ሠላሳ ሸጥኩ ካለ የደረሰኞቹን ቀን ማየት ነው።

እሳት ቢነሳስ? ውሉ ዝም ካለና ባለሱቁ ጥፋት ከሌለበት ዕቃው የተቃጠለበት ባለቤቱ ነው። ስለዚህ አስመጪዎች ብዙ ጊዜ «ባለሱቁ ኢንሹራንስ ይግባ» የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ባለሱቁም «አለኝ» ይላል። አለውም። ነገር ግን የተለመደው የእሳት ፖሊሲ የሚሸፍነው የራሱን ንብረት ነው። በአደራ የተያዘ የሌላ ሰው ዕቃ በስም ካልተጠቀሰ አይካተትም። ይህ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ካሳ ሲጠየቅ ነው። ፖሊሲውን ገልጦ «በአደራ የተያዙ ዕቃዎች» የሚል ቃል መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ኢንሹራንስም የማይደርስበት አለ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። መጋዘን ተዘረፈ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንኳ በመጋዘን ዘረፋ ምክንያት በሁለቱ ከተሞች የምግብ ማከፋፈል ሥራውን አቁሞ ነበር። የተለመደ ፖሊሲ የጦርነትን ጉዳት አይሸፍንም። «ጉድለት ሁሉ የባለሱቁ ነው» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ውል እንዲህ ባለ ጊዜ ፍትሐዊ አይሆንም። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ለብቻው መጻፍ አለበት። እኔ ብሆን ሌላም እጨምራለሁ፦ በአንድ ሱቅ የሚቀመጠው ዕቃ ጠቅላላ ዋጋ ከዚህ ብር አይበልጥም የሚል ጣሪያ።

ሦስተኛ ወገን ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። በአንቀጽ 1161 ደግሞ ሻጩ መብት ያለው መስሎት በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ ዕቃውን የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ ባለሱቁ ሸጦ ገንዘቡን ቢበላ አስመጪው ገዢውን ተከትሎ «ኩሽኔታዬን መልስ» ማለት አይችልም። ያለው መንገድ ባለሱቁን መክሰስ ነው። ባለሱቁ በሌላ ዕዳ ተከሶ ሱቁ ሲታሸግ ደግሞ የማስረዳቱ ሸክም አስመጪው ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚያድነው የተፈረመ ውል፣ የርክክብ ሰነድ፣ የተለየ መደርደሪያና ዕቃው ላይ ያለ ምልክት ነው። ሁሉም ከአንድ ክምር ከተቀላቀለ ማስረዳቱ ጭንቅ ነው።

አሁን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ እንግባ። እዚህ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ማሽን ባለበት ሁሉ ኩሽኔታ አለ፤ አንድ ኩሽኔታ ሲሰበር መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ ሌላ አሠራር ይመጣል። አቅራቢው ራሱ የፋብሪካውን ክምችት እየተከታተለ ይሞላል። የግዥ ክፍል በየጊዜው ማዘዝ አይጠበቅበትም። በእንግሊዝኛ ስሙ ቬንደር ማኔጅድ ኢንቬንተሪ ነው፤ አቅራቢው የሚመራው ክምችት ብንለው ይገባል።

አሠራሩ በሁለት ቁጥር ይቆማል፦ ዝቅተኛና ከፍተኛ። ፋብሪካው በሳምንት 8 ፍሬ 6205 ይጨርሳል እንበል። የአቅራቢው ሰው ሰኞ ሰኞ ይቆጥራል። ዕቃ ከአዲስ አበባ ተጭኖ እስኪገባ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ቆጠራውና ጉዞው ሁለት ሳምንት ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ዝቅተኛው 16 ነው። ከፍተኛው 40 ቢሆን የአምስት ሳምንት ፍጆታ ነው። ሰኞ 14 ከተገኘ አቅራቢው 26 ይልካል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ካለ ዝቅተኛውን ከፍ ማድረግ ነው፤ 16 የተሰላው መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ነው።

ይህ አሠራር ግን ስለ ባለቤትነት ምንም አይናገርም። ኮንሳይመንት «የማን ነው» የሚለውን ይመልሳል። ይኼኛው «ስንት ይምጣ የሚለውን ማን ይወስናል» የሚለውን ነው። ሁለቱ አብረውም ለየብቻም ይሄዳሉ። ባለቤትነቱ ዕቃው እንደገባ ወደ ፋብሪካው የሚያልፍ ከሆነ አቅራቢው ስንት እንደሚልክ ራሱ ይወስናል፣ ፋብሪካው ይከፍላል። ያኔ መደርደሪያው ሁልጊዜ 40 ላይ ሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰው ቁጥርም አብሮ ይከመራል። ባለቤትነቱ ከመደርደሪያ እስኪወጣ የአቅራቢው ከሆነ ደግሞ የሚታሰረው የእሱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ይሰስታል፤ ክምችቱ 16 አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይንፏቀቃል። ቁጥሮቹ አልተቀየሩም፣ ጠባያቸው ግን ተገላበጠ። የመጀመሪያውን ጠባይ ከፍተኛውን ቁጥር በማስከበር፣ ሁለተኛውን ከዝቅተኛው በታች ለወረደ ቀን ቅጣት በማስቀመጥ ይገቱታል። አቅራቢው ያለ ፈቃድ ከ40 በላይ የላከው በራሱ ወጪ ይመለሳል።

ዕቃ ቆሞ ከቀረስ? ፋብሪካው ማሽኑን ቀይሮ 6205 መጠቀም ቢያቆም 30 ፍሬ እዚያው ይቀራል። ለዚህ የዕድሜ ገደብ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 90 ቀን ያልተነካ ዕቃ ወይ ፋብሪካው ይገዛዋል ወይ አቅራቢው ይወስደዋል። የመመለሻ ማጓጓዣው የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ግን ሁለቱም እየተጠባበቁ ዓመት ይሞላል።

በሰኔ 30 ቆጠራ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቆጣሪ ቡድን መጋዘን ገብቶ ያየውን ሁሉ ይመዘግባል። በአደራ ያለው ዕቃ የንብረት ገቢ ደረሰኝ የሆነው ሞዴል 19 ተቆርጦለት እንደ ግዥ ገብቶ ከሆነ የፋብሪካው ንብረት ሆኖ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ያለው አቅራቢም በራሱ መዝገብ ይዞታል። አንድ ኩሽኔታ ሁለት ባለቤት አገኘ። ተቃራኒውም ይከሰታል፦ አቅራቢው ዕቃው ከመጋዘኑ ሲወጣ እንደ ሽያጭ ይመዘግበዋል፣ ገና ማንም አልገዛውም እንጂ። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አይኤፍአርኤስ 15 እንዲህ ያለው ርክክብ ገቢ እንዳልሆነ ይናገራል። መጋዘን ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የተለየ ቀለም ያለው ቢን ካርድ፣ የተለየ መደርደሪያ፣ የአቅራቢው ስም በትልቁ። ስቶር ኪፐሩ አንድ ፍሬ ሲያወጣ በዚያው ካርድ ላይ ቀኑን ይጽፋል፣ ይፈርማል። ዕቃው የተሸጠው ያን ጊዜ ነው።