የሳይት ውሎ መዝገብ ምንድን ነው?

ፎርማን በየቀኑ ማታ ከሳይት ከመውጣቱ በፊት የሚጽፋት አንዲት ገጽ ናት። ስንት ሰው እንደዋለ፣ ምን ዕቃ እንደገባ፣ አየሩ እንዴት እንደነበረና ማን ምን እንዳዘዘ ትይዛለች። አንዳንዱ ሳይት ዲያሪ ይላታል፣ አንዳንዱ ዴይሊ ሪፖርት። በብዙ ሳይት ግን የምትጻፈው እንዲህ ነው፦ «ዝናብ ነበር። 32 ሰው ዋለ። ሶሌታ ተሞላ።»

ይህ ምንም አይጠቅምም። ከሦስት ወር በኋላ የሚያነብ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ምንም ማስላት አይችልም። ዝናቡ ስንት ሰዓት መጣ? ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ አለቀ ወይስ መሃል ላይ ቆመ? ከቆመስ ማን አስቆመው?

እስቲ ደሴ ላይ ሆጤ አካባቢ በሐምሌ አንደኛ ፎቅ ሶሌታ የሚሞላ ሳይት እናስብ። ደህና ፎርማን የዚያን ቀን ገጽ እንዲህ ይጽፋታል፦

«ሐምሌ 9። ጠዋት ጉም፣ ሌሊት ዘንቦ አሸዋው እርጥብ ነው፣ ለሚክሰሩ ውሃ ተቀንሷል። ግንበኛ 3፣ አናጺ 4፣ ፌራዮ 3፣ የቀን ሠራተኛ 22። ሙሌት ከጠዋቱ 2:30 ከአክሲስ 1 ተጀመረ። 4:00 ላይ ኩብ ናሙና 6 ተወሰደ፣ ከአክሲስ 1 እና 2 መካከል። ሲሚንቶ 200 ከረጢት መጣ፣ 4ቱ ረጥበው ስለደነደኑ በመኪናው ተመለሱ፣ ሾፌሩ ፈርሟል። ከቀኑ 7:40 ከባድ ዝናብ፣ ሙሌት ቆመ። 9:30 አባራ። አናጺና ፌራዮ ከሥር ሥራ ነበራቸው። 3 ግንበኛና 19 የቀን ሠራተኛ ሥራ ፈቱ፣ 3ቱ ሲሚንቶ ወደ መጋዘን አስገቡ። 9:35 ሬዚደንት ኢንጂነሩ በቃል ‹ዛሬ እንዳይቀጥል፣ አክሲስ 3 እና 4 መካከል ባለው ላይ ጣውላ ይቁም፣ በላስቲክ ይሸፈን› ብለዋል። ካፖውና ንብረት ክፍሉ ሰምተዋል። የተሞላው በ84 ከረጢት ነው።»

ፌራዮ ብረት ሠራተኛው ነው፣ ካፖ የሠራተኞቹ አለቃ፣ አክሲስ ደግሞ በድሮዊንጉ ላይ ቁጥር የተሰጠው የዓምድ መስመር። ገጿ ትንሽ ረዘመች። ግን ለመጻፍ ከሩብ ሰዓት በላይ አትፈጅም። አሁን ምን እንደምታወጣ እንይ።

ከሲሚንቶው እንጀምር። ጠዋት መጋዘን ውስጥ 60 ከረጢት ካለ፣ የተቀበልነው 196 ነው፣ ያወጣነው 84። ማታ 172 መገኘት አለበት። ካልተገኘ ጥያቄው የዚያኑ ዕለት ይነሳል፤ ወር ሲሞላ ማንም አያስታውሰውም። አራቱ የተመለሱ ከረጢቶች ደግሞ የሾፌሩ ወረቀት ላይ ካልተጻፉ አቅራቢው 200 አስረክቤአለሁ ይላል፣ ትክክልም ነው፤ ፊርማህ አለበት።

84 ከረጢት 42 ኩንታል ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 3.6 ኩንታል የሚገባበት ቅይጥ ከሆነ ወደ 11.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከድሮዊንጉ የሚወጣው 11.2 ከሆነ ትርፉ ብክነት ነው፣ የተለመደ። 9 ከሆነ ግን አንድ ነገር ተሳስቷል። ወይ ሲሚንቶው ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ወይ ከረጢቱ በትክክል አልተቆጠረም። ማታውኑ ለይቶ መያዝ የሚቻለው ቁጥሩ ትኩስ ሳለ ነው።

ዝናቡ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። 22 ሰው ከ7:40 እስከ 9:30 ማለት 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሥራ ፈቷል። በድምሩ ወደ 40 የሰው ሰዓት። ፎርማኑ ለይቶ ነው የጻፈው፣ 32ቱም ሥራ ፈቱ አላለም፤ አናጺውና ፌራዮው ከሥር እየሠሩ ነበር። ይህች ልዩነት ክርክር ላይ ታማኝነት ናት። ሁሉም ሥራ ፈታ ብሎ የጻፈ ሰው አንዱ ቢገኝበት የቀረውም አይታመንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። ዝናብ በመዝነቡ ብቻ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ አያገኝም። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የግንባታ ውል፣ ጊዜ የሚያስጨምረው ለየት ያለ መጥፎ አየር ነው። በሐምሌ ደሴ ላይ ዝናብ መዝነቡ ማንንም አያስገርምም፣ ከመነሻው በፕሮግራሙ ውስጥ መግባት ነበረበት። ለየት ያለ መሆኑን ለማሳየት በየቀኑ የተጻፈ የሰዓት ሂሳብ ያስፈልጋል፣ ከዚያም የአካባቢው የሜትሮሎጂ መረጃ። የአካባቢው ስል ደግሞ የምር ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ደሴ ጉምና በረዶ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ኮምቦልቻ ላይ በተለካ ዝናብ የደሴን ሳይት መከራከር ያዳግታል። በዚሁ ውል ተቋራጩ የጊዜ ወይም የገንዘብ ጥያቄ ካለው፣ ምክንያቱን ካወቀ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ማታ ያልተጻፈች ሰዓት ቶሎ ታልፋለች።

ከሁሉ የሚያጨቃጭቀው የቃል ትእዛዝ ነው። ወጣቱ ኢንጂነር ላስቲክ ጨብጦ «ጋሼ፣ ዛሬ እንዳይቀጥል» ይላል፣ ፎርማኑም «እሺ ኢንጂነር» ይላል። በማግስቱ የማቆሚያው መስመር ተፈልፍሎ በቦያካ፣ በቀጭን የሲሚንቶ ብጥብጥ፣ መገናኘት ሲኖርበት ተጨማሪ ወጪ ይመጣል፣ ያኔ «እኔ መች አልኩ» ይጀመራል። በዚያው የፊዲክ ውል የቃል ትእዛዝ ከተሰጠ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ተቋራጩ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ኢንጂነሩ ማረጋገጫው ከደረሰው በኋላ በሁለት የሥራ ቀን ካልተቃወመ፣ ያ ጽሑፍ ራሱ የእርሱ ትእዛዝ ይሆናል። የሳይታችሁ ውል ሌላ ሊሆን ስለሚችል አንቀጹን ማየት ነው። ሳይት ማናጀሩ ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ግን ከፎርማኑ ገጽ ነው። ሰዓት፣ ስም፣ የተባለው ቃል፣ የሰማ ሰው። «ኢንጂነሩ ያለምክንያት አስቆሙን» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። ይህ አስተያየት ነው፣ ለሌላው ወገን መከራከሪያ ይሰጣል።

ለጥንካሬ ምርመራ የተወሰደውን የኮንክሪት ኩብ አልረሳሁትም። 28 ቀን ሲሞላ ስድስቱም ኩቦች ጥሩ ውጤት ቢያመጡ፣ ዝናብ ስለመታው ኮንክሪት ምንም አይነግሩንም፤ የተወሰዱት ጠዋት 4:00 ከአክሲስ 1 እና 2 መካከል ነው። ከአክሲስ 3 አካባቢ ጥርጥር ቢነሳ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህን ከላቦራቶሪው ወረቀት ማንም አያወጣውም፤ ከመዝገቡ ብቻ ነው የሚታየው።

አንድ ችግር አለ፣ ትንሽ የሚመስል። ፎርማኑ 7:40 ሲል በእኛ ሰዓት ነው። አማካሪው አንዳንዴ በደብዳቤው 13:40 ይላል። ፎርማኑ ከቁጥሩ ፊት «ከቀኑ» ወይም «ከጠዋቱ» ብሎ ካልጻፈ፣ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዝናብ ሁለት ጊዜ ያዘንባሉ።

በመጨረሻም፣ ቅዳሜ ማታ ተቀምጦ የሳምንቱን ሁሉ አንድ ላይ የሞላ ፎርማን ይታወቃል። ስክሪፕቶው አንድ ዓይነት ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አልተለወጠም። የሠራተኛው ቁጥር በየቀኑ አንድ ነው፣ አንድም ሰው አልቀረም፣ አልታመመም። ዕቃ የገባበት ቀን ከንብረት ክፍሉ ደረሰኝ ጋር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለያያል። ስህተት ሲገኝ በጭረት ተሰርዞ ከጎኑ ፊርማ ማድረግ ሲበቃ፣ ቃሉ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል። አማካሪው እንዲህ ያለ ደብተር ካየ፣ ቀሪውን ሳያነብ የሚጠይቀው ደረሰኞቹን ነው።